የቤት አበልና የደመወዝ ግብር

የደመወዝ መግለጫ ሲመረመር ቀድሞ መታየት ያለበት ግብር የተሰላበት መጠን ነው። በኢትዮጵያ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል በሙሉ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል፤ ከትራንስፖርት አበል ግን የሚደመረው በመመሪያ ከተፈቀደው ጣሪያ ያለፈው ብቻ ነው።

ደመወዙ 12,000፣ የቤት አበሉ 3,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ግብር የሚከፍለው በ15,000 ብር ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ መሠረት ግብሩ 3,200 ብር ይሆናል። መግለጫው 2,250 ብር ካሳየ የቤት አበሉ ተዘሏል። ይህ ስህተት ኪስ የሚጠቅም ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል፤ ጉድለቱ ግን በየወሩ 950 ብር እየተጠራቀመ ይሄዳል።

የጡረታ መዋጮ በተቃራኒው የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፤ 7 በመቶው 840 ብር ነው። 1,050 ብር ከተቆረጠ አበሉ ያለ ቦታው ተደምሯል።