መሃል ላይ የተደበቀችው ነጥብ፦ ኢንተግራሉ ይሰበሰባል ወይስ ይበተናል?

ለባግሩት በ5 ይሂዶት ሒሳብ የተማረ ልጅ ይህን ኢንተግራል በግማሽ ደቂቃ ይሠራዋል፦

∫₋₁¹ 1/x² dx

የ1/x² ክዱማ −1/x ነው። 1ን ስናስገባ −1 ይወጣል፤ −1ን ስናስገባ ደግሞ 1። ስንቀንስ −2፣ አለቀ። ግን ቆም ብላችሁ ግራፉን እዩት። 1/x² መቼም ቢሆን ከዜሮ በታች አይወርድም። እንዲያውም ከ−1 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ከ1 አያንስም። የክልሉ ርዝመት 2 ስለሆነ ከግራፉ በታች ያለው ስፋት ቢያንስ 2 መሆን አለበት። ታዲያ −2 ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ ከገዴራ፣ ከያቭኔና ከኪርያት ማላኪ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ኢንፊ 2 ወይም ሄድቫ 2 ላይ ሲደርሱ ደጋግመው ያነሱልኛል። የሚያስቸግረው ስሌቱ አይደለም። የሚያስቸግረው ስህተቱ ድምፅ የለውም፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ እናጥራ፦ ፉንክጽያው በክልሉ ጫፍ ሳይሆን በመሃል ሲፈነዳ ምን እናደርጋለን?

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ። በክፍል ውስጥ «ሂትካንሱት» እና «ሂትባድሩት» ሲባል ትሰማላችሁ። ሂትካንሱት «ቤት ክነሴት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ መሰብሰብ ማለት ነው። ሂትባድሩት ደግሞ መበተን ነው። በአማርኛም እንዲሁ እላለሁ፦ ኢንተግራሉ ወደ አንድ ቁጥር ከተጠጋ ይሰበሰባል፣ ካልሆነ ይበተናል።

አሁን ወደ −2 እንመለስ። ክዱማውን በሁለቱ ጫፎች አስገብቶ መቀነስ የሚፈቀደው ክዱማው በክልሉ ሁሉ ላይ ሳይቋረጥ ሲሄድ ነው። −1/x ግን x = 0 ላይ የለም። ከግራ ስንቀርበው ወደ ላይ ያለ ገደብ ይወጣል፣ ከቀኝ ስንቀርበው ወደ ታች ያለ ገደብ ይወርዳል። መሃሉ የተሰበረ ድልድይ ነው፤ እኛ ግን ሁለቱን ዳርቻ ብቻ አይተን ተሻግረናል ብለናል።

ትክክለኛው አሠራር ክልሉን በመጥፎዋ ነጥብ ላይ መቁረጥ ነው። ከ−1 እስከ 0 አንድ ኢንተግራል፣ ከ0 እስከ 1 ሌላ ኢንተግራል። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው በግቩል እንፈትሻለን። ቀኙን ብንወስድ፣ ከ0 ሳይሆን ከትንሽዬ ቁጥር ε እንጀምርና፦

∫_ε¹ 1/x² dx = 1/ε − 1

ε 0.1 ሲሆን 9፣ 0.01 ሲሆን 99፣ 0.001 ሲሆን 999 ይወጣል። ማቆሚያ የለውም። ቀኙ ስለተበተነ ሙሉው ኢንተግራል ተበትኗል፣ ግራውን ማየትም አያስፈልግም። መልሱ −2 ሳይሆን «ይበተናል» ነው።

ደንቡ ይኸው ነው፦ ሁለቱም ወገኖች፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ መሰብሰብ አለባቸው። አንዱ ወገን የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነጥብ የሚቆረጠው እዚሁ ላይ ነው። ምክንያቱን በሚቀጥለው ምሳሌ እንየው።

∫₋₁² 1/x dx

እዚህ ግራው ኔጌቲቭ፣ ቀኙ ፖዘቲቭ ነው። ብዙ ተማሪ «ከ−1 እስከ 1 ያለው በሲሜትሪ ይጣፋል፣ የሚቀረው ከ1 እስከ 2 ያለው ነው፣ መልሱ ln 2» ይላል። ያሳምናል። ግን ከዜሮ ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደቆረጥን እንጻፍ። በግራ እስከ −δ ድረስ፣ በቀኝ ከε ጀምሮ ብንሄድ፣ ሁለቱ ሲደመሩ፦

ln δ + (ln 2 − ln ε) = ln 2 + ln(δ/ε)

δ እና ε እኩል ከሆኑ ln 2፣ ማለትም ወደ 0.693 ይመጣል። δ የε እጥፍ ከሆነ ግን ln 4 ይሆናል፣ ወደ 1.386። δ የε ግማሽ ከሆነ ደግሞ ዜሮ። በሦስቱም መንገድ ሁለቱም ቁጥሮች ወደ ዜሮ እየሄዱ ነው፤ መልሱ ግን እንደ አካሄዳችን ይለዋወጣል። የፈለጋችሁትን ቁጥር ንገሩኝ፣ እሱን የሚያወጣ አካሄድ አገኝላችኋለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ስፋት አለው ማለት አይቻልም። ስለዚህ δ እና ε በአንድ ገመድ መታሰር የለባቸውም፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይሂዱ። በየራሳቸው ሲሄዱ ደግሞ ሁለቱም ይበተናሉ።

እኩል ቆርጦ የሚገኘው ln 2 ግን ቆሻሻ አይደለም። ፈረንሳዊው ኮሺ በ1823 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፉ ላይ የራሱን ስም ሰጥቶታል፦ ዋና ዋጋ፣ በዕብራይስጥ «ኤሬኽ ኢካሪ»። በፊዚክስና በኮምፕሌክስ ፉንክጽያዎች ትምህርት ታገኙታላችሁ። ነገር ግን «ዋና ዋጋ አለው» እና «ይሰበሰባል» የተለያዩ አባባሎች ናቸው። ፈተናው የጠየቀው መሰብሰቡን ከሆነ ln 2 ብሎ መመለስ ላልተጠየቀ ጥያቄ መመለስ ነው።

እስካሁን የሚበተኑትን አየን። የሚሰበሰብ እንይ፦

∫₀³ 1/(x−1)^(2/3) dx

x = 1 ላይ ይፈነዳል። ክዱማው 3(x−1)^(1/3) ነው። በግራ በኩል ከ0 እስከ 1−δ ስንሄድ 3 − 3δ^(1/3) እናገኛለን፤ δ ወደ ዜሮ ሲሄድ 3 ይቀራል። በቀኝ በኩል 3·∛2 − 3ε^(1/3) ነው፤ ወደ 3·∛2 ይሄዳል፣ እሱም ወደ 3.780 ነው። ሁለቱም ተሰብስበዋል፣ ድምሩ ወደ 6.780 ነው። ልብ በሉ፦ እዚህ ነጥቡን ሳያይ በቀጥታ ያስገባ ተማሪም ይህንኑ ቁጥር ያገኛል። ክዱማው x = 1 ላይ ስላልተሰበረ ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ምክንያቱ ካልተጻፈ ግን መሰብሰቡ አልተረጋገጠም።

ከምሳሌዎቹ አንድ መለኪያ ይወጣል። በመጥፎዋ ነጥብ c አጠገብ ፉንክጽያው 1/|x−c|^p ከሆነ፣ p ከ1 ሲያንስ ይሰበሰባል፤ p 1 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ይበተናል። በካልኩሌተር ቅመሱት። 1/√x ከε እስከ 1፣ ε 0.01 ሲሆን 1.8፣ 0.0001 ሲሆን 1.98፣ 0.000001 ሲሆን 1.998 ይሰጣል፤ ወደ 2 እየተጠጋ ነው። 1/x ግን በእነዚያው ቁጥሮች 4.605፣ 9.210፣ 13.816 ይሰጣል፤ በየእርምጃው ያንኑ 4.605 እየጨመረ ይሄዳል። ካልኩሌተር ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ ክልሉ ወደ ማያልቅ ሲዘረጋ ደንቡ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚሰበሰበው p ከ1 ሲበልጥ ነው። ሁለቱን አታደባልቁ።

ይህ መለኪያ ትልቅ ጥቅሙ ክዱማው በማይገኝበት ጊዜ ነው። ይህን ውሰዱ፦

∫₀² e^x / ∛(x²−1) dx

ክዱማ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። መጀመሪያ ታችኛው የት ዜሮ እንደሚሆን ጠይቁ፦ 1 እና −1 ላይ። −1 ከክልላችን ውጭ ናት፣ ተዋት። የቀረችው 1 ናት። ቀጥሎ x²−1ን ወደ (x−1)(x+1) ዘርዝሩና መጥፎውን ክፍል ለብቻው አውጡት፦

[ e^x / ∛(x+1) ] · 1/(x−1)^(1/3)

በቅንፉ ውስጥ ያለው x = 1 ላይ ምንም ችግር የለበትም፤ e/∛2 ነው፣ ወደ 2.158። ስለዚህ በ1 አጠገብ ሙሉው ፉንክጽያ እንደ 1/(x−1)^(1/3) ነው የሚሆነው። p = 1/3 ከ1 ያንሳል። በግራ በኩል ፉንክጽያው ኔጌቲቭ ስለሆነ ማወዳደሩን በፍጹም ዋጋው ላይ አድርጉት፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ወገኖች ይሰበሰባሉ፣ ኢንተግራሉም ይሰበሰባል። ቁጥሩን አላወቅንም፣ አልተጠየቅንምም።

አሁን ከዚያው ላይ ∛ን ብቻ አንሱት፣ e^x/(x²−1) ይሁን። ቅንፉ e/2 ይሆናል፣ p ግን 1 ሆነ። ሁለቱም ወገን ይበተናል፤ ግራው ወደ ታች፣ ቀኙ ወደ ላይ።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ቅንፉ ዜሮ ወዳልሆነ የተወሰነ ቁጥር ሲሄድ ነው። ቅንፉ ዜሮ ከሆነ ፍርዱን አትቸኩሉበት። ለምሳሌ sin(x−1)/(x²−1) x = 1 ላይ ታችኛው ዜሮ ነው፣ ግን ላይኛውም አብሮ ዜሮ ይሆናል፤ ሲጠጉት 1/2 ይወጣል። እዚያ ፍንዳታ የለም፣ ተራ ኢንተግራል ነው። «ታችኛው ዜሮ ነው» ማለት «ይፈነዳል» ማለት አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ለራሳችሁ ልተውላችሁ፦

∫₀^π 1/cos²x dx

ክዱማው tan x ነው። tan π ዜሮ፣ tan 0 ዜሮ፣ ልዩነቱ ዜሮ። ፉንክጽያው ግን በክልሉ ውስጥ ከ1 በታች አይወርድም፤ ስፋቱ ዜሮ ሊሆን አይችልም። ነጥቧን ፈልጓት፣ ከእሷ አጠገብ cos x ምን እንደሚመስል እዩ፣ pን አንብቡ። 2 ካገኛችሁ መንገዳችሁ ትክክል ነው፣ ፍርዱንም ታውቁታላችሁ።