የሱቅ ሶፍትዌር በወር ስንት ይሸጥ? እርከኑና ነጻ ሙከራው

የሽያጭና የዕቃ ክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርታችሁ ለሱቆች በወርሃዊ ክፍያ ልታቀርቡ ነው እንበል። ዋጋው ሦስት እርከን ይኖረዋል፤ ገዢው ደግሞ መጀመሪያ በነጻ ይሞክረዋል። ብዙዎች የሚጨነቁት «ስንት ብር ልበል?» በሚለው ነው። ከዚያ የሚቀድመው ግን አንዱ እርከን ከሌላው በምን ይለይ የሚለው ጥያቄ ነው።

ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ በሽያጭ ብዛት መለየት ነው። በወር እስከ 300 ሽያጭ የሚመዘግብ ዝቅተኛውን ይክፈል፣ ከዚያ ያለፈ ቀጣዩን። ብዙ የሸጠ ብዙ ቢከፍል ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ባለሱቁ ወሩ ሳያልቅ 280 ላይ ሲደርስ ትንንሾቹን ሽያጮች በደብተር መያዝ ይጀምራል። ከዚያ ሶፍትዌሩ 40 አለ ያለው ሸቀጥ መደርደሪያው ላይ ሲቆጠር 31 ይሆናል። ባለሱቁም «ይሄ ነገር ይሳሳታል» ብሎ ይተወዋል። ሶፍትዌሩን ያበላሸው የዋጋው ገደብ ነው።

ገደቡ የየዕለቱን ምዝገባ ሳይነካ ሥራው ሲሰፋ ብቻ የሚደረስበት መሆን አለበት። ለሱቅ የሚስማማው የቅርንጫፍና የተጠቃሚ ብዛት ነው። ለማሳያ ያህል፣ አንድ ሱቅ ከሁለት ተጠቃሚ ጋር 600 ብር፤ እስከ ሦስት ቅርንጫፍና ስምንት ተጠቃሚ፣ በቅርንጫፎች መካከል ዕቃ ማዘዋወርን ጨምሮ 1,500 ብር፤ ከዚያ በላይ ቅርንጫፍና መጋዘን ላለው 3,500 ብር። በዝቅተኛው እርከን ሁለት ተጠቃሚ የተፈቀደው አለምክንያት አይደለም። አንድ ብቻ ቢሆን ባለቤቱና ሻጩ በአንድ የይለፍ ቃል ይገባሉ፤ ጉድለት ሲገኝ ማን እንደመዘገበው አይታወቅም። አንድ መለያ በተመሳሳይ ሰዓት ከሁለት ቦታ ሽያጭ እያስገባ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው ወደ ሁለተኛው እርከን መውጣት ከብዶታል ማለት ነው፤ ምናልባት በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፍቷል።

የዓመት ክፍያ በቅናሽ መስጠት ገንዘብ አስቀድሞ ያስገባል። ሆኖም ሰርቨሩን በዶላር የሚከራይ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የዓመቱን በብር ተቀብሎ የጨረሰ አገልግሎት ሰጪ ቀሪዎቹን ወራት በአሮጌው ዋጋ ማገልገል ነበረበት። የሦስት ወር ክፍያ መሃል ላይ ያለ አማራጭ ነው።

ወደ ነጻ ሙከራው እንምጣ። 14 ቀን የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ያንሳል። ባለሱቁ የሶፍትዌሩን ጥቅም የሚያየው ወሩ ሲዘጋ ዕቃውን ቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ ነው። ስለዚህ 30 ቀን ይሰጠው፤ ቆጠራውም ከተመዘገበበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች አስገብቶ ከጨረሰበት ቀን ይጀምር። 800 ዓይነት ሸቀጥ ማስገባት ብቻውን ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በሙከራው ወቅት የሁለተኛው እርከን አገልግሎት ሁሉ ክፍት ቢሆን ይመረጣል፤ ያልነካውን ነገር ማንም አይገዛም።

በውጭ አገር ሙከራው ሲጀመር የባንክ ካርድ ተመዝግቦ፣ ጊዜው ሲያልቅ ክፍያው በራሱ መቆረጡ የተለመደ ነው። እኛ ጋር አብዛኛው ባለሱቅ በቴሌብር ወይም በባንክ ራሱ ስለሚልክ ይህ አይሠራም፤ ባይሠራም አያስቆጭም። በኢጃራ ክፍያውና ጊዜው አስቀድመው መታወቅ እንዳለባቸው ለአንባቢ አዲስ አይደለም፤ ሰው ሳያስበው የሚቆረጥ ክፍያ ጠብ መጥራቱ አይቀርም። ዋጋውን ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ በመጀመሪያው ቀን አሳዩት፤ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው አስታውሱት። ሲያልቅ አዲስ ምዝገባ ይቆም፤ የቆየው መዝገብ ግን ይነበብ፣ ወደ ኤክሴል ይውጣ። መዝገቡን መያዣ ያደረገበትን ሰው ባለሱቅ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ያወራዋል።

ሙከራው ሲጠናቀቅ ውጤቱ የሚነበብበት መንገድ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከ100 ሰው 18 ከፈሉ እንበል። «ዋጋው በዛ» ተብሎ 600 ወደ 400 ይወርዳል። ግን ከ100ው 45ቱ ዕቃቸውን ጨርሰው አላስገቡም፣ 25ቱ ጥቂት ቀን ሠርተው አቆሙ፣ እስከ ወሩ መዝጊያ የደረሱት 30 ብቻ ከሆኑስ? ስለ ዋጋው ሊናገሩ የሚችሉት እነዚህ 30ዎቹ ናቸው፤ ከእነሱ 18ቱ ከፍለዋል። 45ቱን የሚመልሳቸው ቅናሽ ሳይሆን ሱቃቸው ድረስ ሄዶ ዕቃውን አብሯቸው የሚያስገባ ሰው ነው። የዚያን ሰው የሁለት ቀን ደመወዝ ደግሞ ከ600 ብሩ ጋር አስሉት፤ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ በላይ ከሆነ፣ ማስጀመሪያውን ለብቻው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዋጋ ማድረግ ይሻላል።