ቀለሙ ቢቀየርስ?

ፎቶግራፍ አንሺዋ ሊን ጎልድስሚዝ ድምፃዊ ፕሪንስን በ1981 እ.ኤ.አ. ፎቶ አነሳችው። በ1984 ቫኒቲ ፌር መጽሔት 400 ዶላር ከፍሎ ፎቶው ለአንድ ሥዕል መነሻ እንዲሆን አስፈቀደ፤ ፈቃዱም ለአንድ ጊዜ ኅትመት ብቻ ነበር። ሥዕሉን እንዲሠራ የታዘዘው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ግን ከፎቶው 16 ሥራዎች አወጣ። ፕሪንስ በ2016 ሲሞት የመጽሔቱ አሳታሚ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን፣ ብርቱካናማውን ሥዕል፣ ለማተም ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ከፈለ፤ ጎልድስሚዝ ሰባራ ሳንቲም አላገኘችም።

በጎልድስሚዝና በፋውንዴሽኑ መካከል የተነሣውን የቅጂ መብት ክርክር የተመለከተው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023፣ በ7 ለ 2 ድምፅ፣ ለእሷ ፈረደ። ሥዕሉም ፎቶውም ስለ ፕሪንስ ለሚጻፍ የመጽሔት ጽሑፍ የሚሸጡ ምስሎች ስለሆኑ፣ አዲሱ ገጽታ ብቻውን ሥዕሉን ለዚህ ዓላማ ያለፈቃድ ለማከራየት አላበቃም። ሥዕሉ በሙዚየም ቢሰቀልስ? ፍርዱ እዚያ ድረስ አልሄደም።

የአሣሣል ስልት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአንድን ሠዓሊ ደማቅ ቀለም አቀባብ መከተል፣ ሠዓሊው በሕይወት ቢኖርም፣ በቅጂ መብት አያስከስስም፤ የተወሰነ ሥራውን መገልበጥ ወይም በስሙ ፈርሞ መሸጥ ግን ያስከስሳል።