ከመግቢያ እስከ መውጫ፦ የአንድ ቀን ሥራ በትሬሎ

ሥራውን በትሬሎ የሚከፋፈል ቡድን ውስጥ ሲቀጠሩ መጀመሪያ የሚደርስዎ በኢሜይል የሚላክ ግብዣ ነው። ግብዣውን ከፍተው አካውንት ካወጡ በኋላ የሚገቡት በዚያው ኢሜይል ነው። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ፣ ብሮውዘሩ የይለፍ ቃልዎን ላስቀምጠው ወይ ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ይበሉ።

ሲገቡ የሚያዩት ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ዓምዶች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል፤ በብዙ ቡድኖች ዘንድ ስማቸው To Do፣ Doing እና Done ነው። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ካርድ አለው። ሥራው ሲጀመር ካርዱ ከመጀመሪያው ዓምድ ተጎትቶ ወደ መካከለኛው ይሄዳል፣ ሲያልቅ ደግሞ ወደ መጨረሻው።

የሰው ሁሉ ካርድ በአንድ ሰሌዳ ላይ ስለሚሰፍር አዲስ ሰው ዓይኑ የቱ ላይ እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። የQን ቁልፍ ሲጫኑ የእርስዎ ካርዶች ብቻ ይቀራሉ። የሌሎቹ አልጠፉም፤ ደግመው ሲጫኑት ይመለሳሉ። ካልሠራ ኪቦርዱ በአማርኛ ተቀምጦ እንደሆነ ይመልከቱ። ቀጥሎ ከላይ በስተቀኝ ያለችውን ደወል ይክፈቱ። ማታ ከወጡ በኋላ ማን ስምዎን ጠርቶ እንደጻፈልዎ እዚያ ያገኙታል።

አሁን ወደ ቀኑና ሰዓቱ እንምጣ፤ በአገራችን ቢሮዎች አዲስ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ካርዱ «ለሠልጣኞች የመጋበዣ ደብዳቤ መላክ» ይላል፤ የማብቂያ ጊዜው Nov 10, 9:00 AM ተብሎ ተሞልቷል። ትሬሎ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ቀንና ሰዓት ነው። በ2018 ዓ.ም. ይህ ቀን ኅዳር 1 ላይ ዋለ፤ 9:00 AM ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። «9» የሚለውን ብቻ አይቶ እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ጊዜ አለኝ ያለ ሠራተኛ ስድስት ሰዓት ያህል ይዘገያል። ከመዘግየቱ በፊት ግን ካርዱ ምልክት ይሰጣል፤ ሊያበቃ ከ24 ሰዓት ያነሰ ሲቀረው የቀኑ ምልክት ቢጫ ይሆናል፣ ካለፈ በኋላ ይቀላል። የእኔ ምክር በካርዱ ማብራሪያ ላይ «ኅዳር 1፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ነው። ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ከእርስዎ በኋላ ካርዱን የሚረከበውንም ሰው ያድናል።

ሥራውን ሲጀምሩ ካርዱን ወደ Doing ያሻግሩት። እዚያ ዓምድ ውስጥ በስምዎ አምስትና ስድስት ካርድ ከተጠራቀመ፣ አለቃዎ አሁን የትኛውን እንደያዙ ሊያውቅ አይችልም፤ በእጅዎ ያለውን ብቻ ይተዉ። በቀኑ መካከል ደግሞ በካርዱ ላይ አስተያየት ይጻፉ። «እየሠራሁት ነው» የሚለው ለማንም አይጠቅምም፤ ካርዱ ያለበት ዓምድ ያንን ቀድሞ ተናግሯል። ለደብዳቤው ሥራ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው፦ «ለ40 ሰዎች ተዘጋጅቷል፣ 32ቱ ተልኳል። የቀሩት 8 ሰዎች ኢሜይል ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ከስልጠና ክፍል እየጠበቅኩ ነው።» የሚጠብቁትን ሰው ስም ከፊቱ @ አድርገው ከጻፉት መልእክቱ ለእርሱ ይደርሰዋል። ያለዚያ ምልክት ሰውየው ካርዱን ካልከፈተ ላያየው ይችላል። Save ሳይጫኑ የተዉት ጽሑፍም ለቡድኑ አይታይም።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የማውሱ ቀስት ካርድ ላይ ሆኖ የCን ቁልፍ ከተጫኑ ካርዱ ከሰሌዳው ይነሳል። የአስተያየት ሣጥኑ ተከፍቷል ብሎ መጻፍ የጀመረ ሰው ሳያስበው ይህን ሊያደርግ ይችላል። ካርዱ ወደ ማኅደር ገባ እንጂ አልተሰረዘም። የሰሌዳውን ሜኑ ከፍተው Archived items ውስጥ ይፈልጉት፤ እዚያው ካለበት መመለስ ይቻላል። Delete የሚለውን ግን አይንኩ፤ እርሱ መመለሻ የለውም።

ቀኑ ሲያልቅ ያለቀውን ካርድ ወደ Done ይጎትቱ። ያላለቀው ላይ ሥራው የት እንደቆመ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በማግስቱ ቢታመሙ ባልደረባዎ ስልክ ሳይደውል ከዚያ ይቀጥላል። ከዚያ ከላይ በስተቀኝ ያለውን የስምዎን ምልክት ተጭነው Log out ይበሉ። ገጹን መዝጋት ብቻውን ከአካውንቱ አያስወጣም፤ በዚያው ብሮውዘር ትሬሎን የሚከፍት ቀጣይ ሰው በእርስዎ ስም ካርድ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። መውጣትዎን ለማረጋገጥ ገጹን እንደገና ይክፈቱ፤ ኢሜይል ከጠየቀ ወጥተዋል።