ረቡዕ አንድ፣ ዓርብ አንድ

ነፃ ሥልጠና አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ቀሪዎቹ ሁለት ዓይነት እንደሆኑ ይነግራችኋል። አንደኛው የረሳው ነው። ሁለተኛው ግን አልረሳም። ለቅዳሜ ለቅሶ ወይም ሠርግ ገጥሞት እንደማይመጣ ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃል፤ የጠየቀው ስለሌለ ዝም ብሏል። የእሱ ወንበር ባዶ ሲውል፣ «ሞልቷል» ተብሎ የተመለሰ ሌላ ሰው ቤቱ ተቀምጧል።

ብዙ አዘጋጆች ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልእክት በየቀኑ ይልካሉ። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው የተለየ ነገር ካልነገረው ቁጥሩን ብሎክ ያደርጋል። እኔ የምልከው ሁለት ነው፤ አንዱ ለማይመጣው፣ አንዱ ለሚረሳው።

አዳራሹ 60 ወንበር አለው እንበል። 60 ሰው ተመዝግቧል፣ 12 ሰው በተጠባባቂነት አለ፣ ሥልጠናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው መልእክት ረቡዕ ይሄዳል፦

«ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና። የሚመጡ ከሆነ 1፣ ካልቻሉ 2 ይላኩ።»

ለምን ረቡዕ? ከሳምንት በፊት ብትጠይቁት ሁሉም «እመጣለሁ» ይላል፤ ቅዳሜው ገና ሩቅ ነው። ዓርብ ብትጠይቁት መልሱ እውነት ይሆናል፣ ግን ተጠባባቂው በአንድ ሌሊት ከሥራ ማስፈቀድም ልጅ የሚይዝለት ሰው መፈለግም አይችልም። ሦስት ቀን ለሁለቱም ይበቃል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የተመዘገበ ሰው ግን ይህ መልእክት አያስፈልገውም፤ ትናንት የነገራችሁን ዛሬ መልሳችሁ መጠየቅ ነው።

35 ሰው 1 ላከ፣ 8 ሰው 2 ላከ፣ 17 ሰው ዝም አለ። ሐሙስ ጠዋት ለ8 ተጠባባቂዎች ይደወላል። ዝም ያሉትን ግን እንደ ቀሪ መቁጠር ስህተት ነው፤ መልስ መላክ የማይወድ፣ ግን በሰዓቱ የሚገኝ ሰው ብዙ ነው። ለእነሱ ሌላ መልእክት አልልክም፣ እደውላለሁ። 17 ስልክ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከመደወል በፊት ግን መልእክቱ ከምን እንደተላከ ይታይ። በድርጅት ስም የሚወጣ መልእክት መልስ አይቀበልም፤ ሰውየው 2 ብሎ ሲልክ «አልተላከም» ይለዋል። ሁሉም ዝም ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። መልስ የሚያስፈልገው መልእክት ከተራ ቁጥር ወይም መልስ ከሚቀበል አጭር ቁጥር ይውጣ።

ሁለተኛው ዓርብ አመሻሽ ላይ ይሄዳል፦

«ሥልጠናው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መገናኛ፣ ከባንኩ ጀርባ፣ 4ኛ ፎቅ።»

ይህ አይጠይቅም፤ ይናገራል። 1 ለላኩትም ይደርሳቸዋል፣ ምክንያቱም ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆነው ስልካቸውን ከፍተው የሚያዩት አድራሻውን ነው። 2 የላኩት ግን ከዝርዝሩ መውጣት አለባቸው። አልችልም ያለ ሰው «ነገ እንጠብቅዎታለን» ሲባል መልሱን ማንም እንዳላነበበው ይገባዋል፤ ለሚቀጥለው ሥልጠና አይመልስም።

ሁለቱም መልእክቶች አጭር የሆኑት ለውበት አይደለም። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ፣ ክፍት ቦታና ነጥብ ጭምር። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል፣ በአንዳንድ ስልክም ተቆርጦ ይደርሳል። «ውድ ተሳታፊያችን» ብሎ የጀመረ ሰው ከ70ው 10ሩን አባክኗል።

የሚላክበትን ሰዓት በተመለከተ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽት 1 ሰዓት ያለውን እመርጣለሁ። ሰው ከሥራ ወጥቷል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ሙስሊሞች ጁምዓ ላይ ናቸው፤ ያኔ የገባ መልእክት ከሌላው ሥር ይቀበራል።

ሰዓቱን ስትሞሉ ግን ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል እንዲላክ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ 5:30 ብዬ ሞላሁ። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በ24 ሰዓት ስለነበር 17:30 ማለት ነበረብኝ። መልእክቱ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። የመጀመሪያው መልስ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደረሰኝ፤ 1ም 2ም አልነበረም። በመልእክቱ ውስጥም «9:00» ብሎ መጻፍ ያው ጣጣ አለው፤ ግማሹ ሰው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው ብሎ ይመጣል። «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲባል የሚሳሳት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ምንም አልልክም፤ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው፣ የማይመጣውም አሁን ቢነገረው አይደርስም። ሥልጠናው በዙም ከሆነ ብቻ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት ሊንኩን እልካለሁ። ረቡዕ የተላከ ሊንክ ቅዳሜ ጠዋት ሲፈለግ አይገኝም፤ ሰውየው ደግሞ ስልኩን እንደያዘ ነው፣ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው የቀረው።