ከአራት እጅ ሦስቱን የሚወስደው ኮምፕሬሰር

ብራውን ቦቬሪ የተባለው ኩባንያ ለስዊዘርላንዷ ኒውሻቴል ከተማ የሠራው የጋዝ ተርባይን በ1939 እ.ኤ.አ. ተፈተነ። ተርባይኑ 15,400 ኪሎዋት ያህል ኃይል ሰጠ፤ ለኤሌክትሪክ የተረፈው ግን 4,000 ብቻ ነበር። 11,400ውን ኮምፕሬሰሩ ወሰደው።

ኮምፕሬሰሩ አየር ከውጭ ስቦ ግፊቱን ከአራት እጥፍ በላይ ያሳድጋል። የታመቀው አየር ነዳጅ በሚነድበት ክፍል ይግላል፤ ከዚያም በተርባይኑ ውስጥ እየሰፋ ምላጮቹን ያሽከረክራል። ኮምፕሬሰሩ፣ ተርባይኑና ጄነሬተሩ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ስለሆኑ ጄነሬተሩ የሚያገኘው ትርፉን ብቻ ነው። ትርፍ ከሌለ መሣሪያው ነዳጅ እያቃጠለ ራሱን ብቻ ያዞራል፤ ተርባይኑ ከኮምፕሬሰሩ ፍላጎት በታች ከሰጠ ደግሞ ይቆማል።

ግፊቱ የሚወጣውም የሚወርደውም በተቀራራቢ መጠን ከሆነ ትርፉ ከየት ይመጣል? ከሙቀቱ ነው። የጋለ ጋዝ በእኩል ግፊት ከቀዝቃዛ አየር የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሲሰፋ የሚሰጠው ሥራ ቀዝቃዛውን ለማመቅ ከወጣው ይበልጣል።

ታዲያ ግፊቱን ያለ ልክ ማሳደግ አይቻልም። አየር ሲታመቅ ራሱ ይግላል፤ የተርባይኑ ምላጮች የሚችሉት ሙቀት ደግሞ ወሰን አለው። አየሩ ወደዚያ ወሰን ተጠግቶ ከመጣ ነዳጁ የሚጨምረው ሙቀት ያንሳል፤ ትርፉም ይሟሽሻል።

ትንሽ ጉድለትም ብዙ ያስከፍላል። የኒውሻቴሉ ኮምፕሬሰር 10 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ቢፈልግ ኖሮ 1,140 ኪሎዋት ይጠፋ፣ ለጄነሬተሩ የሚደርሰውም ወደ 2,860 ይወርድ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎች የኮምፕሬሰሩ ምላጮች አቧራ ሲይዙ ያጥቧቸዋል። ምልክቱም ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር ግፊት መቀነሱና የኃይሉ መውረድ ነው።