የስንብት ክፍያዎ ልክ መሆኑን በራስዎ ያስሉት

ሥራ የሚለቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ የሚደርሰው አንዲት ወረቀትና አንድ ድምር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከምንና ከምን እንደተገኘ ሳይገባው ፈርሞ ይወጣል። ሒሳቡ ግን አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው የሚሠራው ነው። መነሻውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ እንውሰድ። ጥቅምት 1 ቀን 2013 ተቀጥራ፣ መስከረም 30 ቀን 2018 በሠራተኛ ቅነሳ ተሰናበተች እንበል። አገልግሎቷ ድፍን 5 ዓመት ነው። በመጨረሻው ወር የተከፈላት መሠረታዊ ደመወዝ 15,600 ብር ሲሆን፣ የትራንስፖርት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተጨምሮበት ወደ 19,000 ብር ይጠጋል። ለስንብት የሚያዘው 15,600 ብሩ ነው፤ አዋጁ አበልን፣ ጉርሻን እና የትርፍ ሰዓትን እንደ ደመወዝ አይቆጥራቸውም። በሌላ በኩል የቅጥሯ ጊዜ ደመወዝ 6,000 ብር ቢሆን እንኳ ስሌቱ አይለወጥም። አምስቱም ዓመት የሚታሰበው በመጨረሻው ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ይህ ማለት የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ 15,600 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይጨመራል፤ ሲሶው 5,200 ብር ነው። አራት ዓመት ስለቀራት 20,800 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 36,400 ብር ይመጣል። በዚህ መንገድ የሚሰላው ክፍያ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ ክፍሉ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ደመወዝ ረስቶ አምስቱንም ዓመት በሲሶ ያባዛና 26,000 ብር ያወጣል። የሠራተኛዋ 10,400 ብር በዚሁ ቀረ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ በየዓመቱ የታደሰ ውል ያላትን ሠራተኛ የመጨረሻውን ውል ብቻ ይዞ የአንድ ዓመት አገልግሎት ማስላት ነው። ድርጅቱ በመሃል ባለቤት ቢቀይርም አገልግሎቷ አይቋረጥም፤ የባለቤትነት መተላለፍ በራሱ የሥራ ውልን አያቋርጥምና።

የተሰናበተችው በቅነሳ ስለሆነ አዋጁ ሌላም ይሰጣታል፦ የቀን ደመወዟ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል። የቀን ደመወዟ 520 ብር ስለሆነ 31,200 ብር ይሆናል፤ ከፊተኛው ጋር 67,600 ብር። ድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ቢዘጋም እንዲሁ ነው። በገዛ ፈቃዷ ብትለቅ ግን፣ አምስት ዓመት ስለሞላት፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ እስከሌለባት ድረስ 36,400 ብሩን ብቻ ታገኛለች። ስለዚህ በስንብት ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ምክንያት በጥንቃቄ ያንብቡ። ተቀንሰው ሳለ «በራሳቸው ፈቃድ» ተብሎ ከተጻፈ የሁለት ወር ደመወዝ ያሳጣዎታል።

የዓመት ፈቃድ የራሱ ስሌት አለው። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ለአምስተኛው ዓመት 18 ቀን ይደርሳታል ማለት ነው። ከዚህ 10 ቀን ወስዳ 8 ቀርቷታል፤ ካለፈው ዓመት በጽሑፍ የተላለፈላት 6 ቀን ሲጨመር 14 ቀን ይሆናል።

እነዚህ 14 ቀናት በምን ይባዙ? ፈቃድ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ እኔ የማምንበት ደመወዙን ለ26 ማካፈልን ነው፤ አዋጁም ለፈቃድ የሚያበቃውን አገልግሎት ሲቆጥር 26 የሥራ ቀንን እንደ አንድ ወር ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ቀኑ 600 ብር፣ ድምሩም 8,400 ብር ይሆናል። በ30 ሲካፈል ግን 7,280 ብር ይወጣል፤ እሑድን ከፈቃዱ አውጥቶ በአካፋዩ ውስጥ መልሶ ማስገባት ሠራተኛውን 1,120 ብር ያስከፍለዋል። ወረቀቱ ላይ በስንት እንደተካፈለ ካልተጻፈ ይጠይቁ። በጥፋት የተባረረና ስንብት የማይገባው ሰው እንኳ ያልተጠቀመበት ፈቃድ ይከፈለዋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ አይራዘምም፤ ማስተላለፉን የሚያሳየውን ደብዳቤም ቤትዎ ያስቀምጡ።

የዚች ሠራተኛ ጠቅላላ ድምር ግብር ከመቀነሱ በፊት 76,000 ብር ነው። ከተከፈለዎት ጋር ሲያነጻጽሩም ከተቆራጩ በፊት ያለውን ቁጥር ይያዙ።

አሠሪው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። የሚያከራክር መጠን ቢኖር እንኳ የማያከራክረውን በዚያው ጊዜ ይከፍላል። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል። እርስዎም ልዩነት ካገኙ በቃል ተስፋ ጊዜ አያሳልፉ፤ ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል።